መስኮት አጠገብ ያለችው ወንበር

ኢሜይሉን ሳነበው የመጀመሪያ ስሜቴ ንዴት ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን ያኔ ተናድጃለሁ።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሆሳዕና ላይ የአንድ ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ማዕከል አስተባባሪ ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራው ሞጁል ማደል፣ ምዝገባ መቀበል፣ ፈተና በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የታሸገ ፖስታ ተረክቦ ማስፈተን ነው። ፈተናው ቅዳሜና እሑድ ቢሯችን ባለበት ግቢ፣ በኪራይ በያዝነው ትምህርት ቤት ይሰጣል። ተፈታኞቻችን ልጆች አይደሉም፤ የወረዳ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች ናቸው። ዲግሪውን የሚፈልጉት ለዕድገት ነውና ፈተና ሲደርስ ጠባያቸው ይለወጣል። ሰላምታ የማይነፍግህ ሰውዬ ያን ሰሞን በጥርጣሬ ያይሃል።

ኢሜይሉ አጭር ነበር። የላከው ቦኖሻ የሚኖር የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ነው፤ የሒሳብ አያያዝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። እንዲህ ይላል፦

«የቀኝ ዓይኔ አያይም። በግራው በጠባቡ አያለሁ፤ ደቃቅ ፊደል አልለይም፣ ብርሃን ሲያንስም ይጠፋብኛል። ሐኪሙ እየደከመ እንደሚሄድ ነግሮኛል። የቀሩኝን ሁለት ፈተናዎች ዓይኔ ሳለ መጨረስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ የጥያቄ ወረቀቱ በትልቁ እንዲዘጋጅልኝ፣ የሁለት ሰዓቱ ፈተና ሦስት ሰዓት እንዲደረግልኝ፣ በመልስ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ክቦች የምነግረውን ሰምቶ በእርሳስ የሚያጠቁርልኝ ሰው እንዲመደብልኝ፣ ብርሃን ከግራዬ እንዲመጣልኝም መስኮት አጠገብ እንድቀመጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ።»

«መስኮት አጠገብ!» ብዬ ጮኽኩ። ጸሐፊያችን ከታይፕ ቀና አለች። «ሆቴል መሰለው እንዴ? ቀጥሎ ደግሞ ትራስ ይጠይቃል።»

እንዲህ ያልኩት እኔም ዓይኔ ደካማ ስለሆነ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ እዚሁ ሆሳዕና ስማር፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግራጫ ጭስ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ «አንብብ» ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ንቀት አደረጉት። በዚያን ጊዜ ተማሪ የሚገረፈው ታዝሎ ነው፤ ጠንካራ ተማሪ ጀርባው ላይ ያዝልሃል፣ እጆችህን በትከሻው ላይ አሳልፎ ይይዛል፣ ከኋላ የጎማ አለንጋ ይወርድብሃል። እኔን የሚያዝለኝ በክፍላችን ትልቁ ልጅ ነበር። ጎማው ስቶ እሱን ሲያገኘው ተመልሶ በክርኑ ጎኔን ይደቁሰኛል። አንድ ቀን ገና ሳልታዘል መምህሩ መሬት ላይ ጥለው ረገጡኝና ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ጥርሶቼን ከአፈሩ ለቅሜ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቤታችን ሆመቾ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አባቴ ጥርሶቹን አይቶ «ምን አጥፍተህ ነው?» ብሎ ደገመኝ። መነጽር ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ከጎረቤቴ ደብተር እየገለበጥኩ አለፍኩ። አለፍኩ፣ እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኑ የሚያወራ ሰው ሁሉ ጥርሱ ያልወለቀ ሞልቃቃ ይመስለኝ ነበር።

መልስ አልሰጠሁትም። እኛ ቢሮ ኢሜይል ማመልከቻ አይባልም። ማመልከቻ ማለት በወረቀት የተጻፈ፣ በእጅ የተፈረመበት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር የተሰጠው ነው። በአሥረኛው ቀን ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ኢሜይሌ ደርሶዎት ይሆን?»

«ደርሷል። ራስህ ይዘኸው ና።»

መጣ። ከቦኖሻ በሚኒባስ ተጨናንቆ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ወንበር ስጠቁመው እጄን አላየም። ሲያናግረኝ ደግሞ ፊቱን ወደ ቀኝ መለስ አድርጎ ግድግዳውን የሚያነጋግር ይመስላል፤ በኋላ እንደገባኝ በግራ ዓይኑ ጥግ እኔን ለማግኘት ነው። እኔ ግን «ሰው ሲያናግርህ ፊት ለፊት እይ» አልኩት።

«እያየሁዎት ነው ጋሼ።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። እሱ ደንግጦ እጁን ግራ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ፊቱን አይደለም የሸፈነው፣ ዓይኑን ብቻ። ሰው ኪሱ ውስጥ ያለችውን የመጨረሻ ነገር እንደሚጠብቅ። ያቺ እጅ ትንሽ አሳፈረችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ በሀዲይኛ «ተቀመጥ» አልኩት።

ኢሜይሉ ታተመ፣ ፈረመበት፣ ቁጥር ተሰጠው። እኔም «ለዋናው መሥሪያ ቤት ይቅረብ» ብዬ መራሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቃዱ መጣ። አራቱም ጥያቄዎች ተፈቅደዋል። አጥቋሪው ከተፈታኙ የትምህርት መስክ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፣ ለብቻው ክፍል ይሰጠው፣ በትልቁ የታተመ ወረቀት ግን ከአዲስ አበባ አይላክም፤ ማዕከሉ በፈተናው ዕለት ጠዋት ፖስታውን በሁለት ፈታኞች ፊት ከፍቶ በፎቶ ኮፒ ያተልቀውና ይፈራረም፣ ይላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። የእናቴ ወገኖች የሻሾጎ ሰዎች ናቸው። ቦኖሻ የሻሾጎ ከተማ ናትና ይህ ተፈታኝ ልጅም ከዚያው ነው። «ለዘመዱ ለብቻው ክፍል ሰጠው» እንደሚባል ሳይታለም የተፈታ ነው። ያንን ወሬ ከወዲሁ ለመቅጨት ኢሜይሉን ራሱን፣ ከነሐኪም ማስረጃው፣ ከነፈቃዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዝኩ። እኛ ዘንድ ሁሉ ነገር ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ውጤት፣ ቅጣት፣ የቀረ ሰው ስም ሳይቀር። የተለጠፈ ነገር ሐሜት የለበትም ብዬ አምን ነበር።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሰው በሽታ ነው።»

«ለጥፊ አልኩሽ፣ ለጥፊ!»

ለጠፈችው። ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ደወለ። እናቱ ስለ ዓይኑ የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤትየው ሰሌዳውን ያነበበ ተፈታኝ ነው። «እኔ ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር» አለኝ። ልክ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን «ያልደበቁት ነገር አያሳፍርም» ብዬ ዘጋሁበት፤ ወረቀቱንም አላስነሳሁትም።

የፈተናው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው በተፈታኝ ሞላ። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፖስታውን እከፍታለሁ፣ ቢሯችን ባለው ማሽን አተልቃለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ይጀምራል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን መብራት ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ አበባ ደውሎ ምን ይሻላል ይል ነበር። እኔ ግን ማንንም ሳልጠይቅ የራሴን ወሰንኩ። ፖስታውን በሁለቱ ፈታኞች ፊት ከፈትኩ፣ አንዱን የጥያቄ ወረቀት ኮቴ ውስጥ ከተትኩና ከአስፋልቱ ማዶ ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቱን አስወጥቼ ራሴ አተለቅኩት። የተበላሸውን ቅጠል ሳይቀር አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አንዲት ፊደል አልወጣችም፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። ግን ከጎኑ ካለው ቁርስ ቤት ዱለት የሚበሉ ተፈታኞች ያዩኝ ነበር። ከመካከላቸው ይሄንን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ የሚቀመጥ አንድ ግዙፍ ሰውዬ አለ። ቆሞ አየኝ፤ ኮቴ ውስጥ የከተትኩትን ወረቀትም አየ።

ልጁን የጥጉ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወንበሩን ያጠጋሁለት እኔ ነኝ። የጠዋት ፀሐይ በግራው ገባች። አጥቋሪዋ ከሌላ ትምህርት ቤት ያመጣናት የታሪክ መምህርት ነች። የተተለቀውን ወረቀት ስሰጠው ወደ ግራ ዓይኑ ጥግ አስጠግቶ አነበበና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አነበብኩት! ሳልጠይቅ አነበብኩት እኮ።»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን እንዲህ አልኩት።

አንድ ሰዓት ያህል ሰላም ነበር። ፈተናው ከባድ ነው፣ በኮሪደሩ ሳልፍ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከዚያ ትልቁ ክፍል ውስጥ ወንበር ወደቀ። የግዙፉ ሰውዬ ድምፅ መጣ፦ «ተሽጧል! ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቷል! ዕውር ነኝ ያለው ለብቻው ተዘግቶበት መልስ ይነበብለታል!»

ፈታኞቹ «ተቀመጡ» ሲሉ ማን ይሰማቸዋል? ወረቀት መቅደድ ተጀመረ። በሩ ተገነጠለ። ስልሳ ሰባ የሚሆን ሰው ወደ ግቢው ፈሰሰ። ጥበቃው ዱላውን ይዞ ሊያቆማቸው ሲሞክር ጣሉትና ረገጡት፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁት ይመስለኛል። አንዱ ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቅሎ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። የልጁ ኢሜይል እዚያ ላይ ነበር፤ ረገጡት። ያን ዕለት ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸውን ሰዎች፣ በየሰንበቱ ከጎኔ ቆመው የሚዘምሩትን ሰዎች፣ ድንጋይ ሲለቅሙ አየኋቸው።

«ይውጣ! ይውጣ!» እያሉ ወደ ጥጉ ክፍል ዞሩ። የትኛው መስኮት እንደሆነ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። መስኮት አጠገብ እንደሚቀመጥ ሰሌዳው ላይ አንብበዋል።

የመጀመሪያው ድንጋይ ግድግዳውን መታ። ሁለተኛው መስኮቱን።

ወደ ውስጥ የገባሁት በጓሮው በር ነው። መምህርቷ ጠረጴዛ ሥር ሆና ትጮሃለች። ልጁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በሁለት እጁ የሸፈነው ግራ ዓይኑን ነው፣ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል፣ ጠረጴዛውን አልፎ የተተለቀው ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል። ትልልቆቹ ፊደሎች አንድ በአንድ ቀሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

በጠራራ ፀሐይ ነው እንዲህ ያለኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው እንደ ሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ይታየኛል፣ ግን ሌላ ሰው አይደለም። ወጣሁ። ግቢው መሐል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ አለ፤ ደወላችን እሱ ነው። የሚደወልበትን ብረት አነሳሁ። ግዙፉ ሰውዬ ከፊቴ ቆሞ ይጮሃል። በብረቱ ክንዱን መታሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሲወድቅ ደገምኩት፣ ትከሻው ላይ። ሦስተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ላሳርፍ ብረቱን ሳነሳ ጸሐፊዋ ከኋላዬ ወገቤን ይዛ ተንጠለጠለችብኝ።

«ጋሼ! ይገድሉታል እንዴ? ይበቃዎታል!»

ሰውዬው መሬት ላይ ሆኖ በሌላኛው ክንዱ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። የመታሁት እጁ ተከፈተ። ውስጡ ያለው የተጨማደደ የፈተና መግቢያ ካርዱ ነው። ድንጋይ አልነበረም። ያቺን ድንጋይ የወረወረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ያየሁት የመታሁትን ሰው ብቻ ነው።

ሕዝቡ ደም ሲያይ ተበተነ። ፖሊስ እስኪመጣ ወደ ልጁ ተመለስኩ። መምህርቷ ነጠላዋን ቀዳ ግንባሩንና ዓይኑን አስራለታለች። ባጃጅ ጠርታለች፣ እሱ ግን አልነሣም አለ።

«ስንት ደቂቃ ቀረኝ?» አለ።

«ሆስፒታል ነው የምትሄደው።»

«ሦስት ሰዓት ተፈቅዶልኛል። ሠላሳ አንድ ላይ ነን። ያንብቡልኝ።»

ለመንኩት፣ ቆጣም አልኩ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ጨርሼ ካልወጣሁ ሌላ ዙር በምን ዓይኔ ነው የምቀመጠው አለኝ። ከዚያ አላከራከርኩትም። ደሙን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሠላሳ አንደኛውን ጥያቄ አነበብኩለት። እሱ ፊደሉን ይናገራል፣ መምህርቷ ታጠቁራለች። እንዲህ አድርገን ሃምሳ ደረስን። ፋሻ የሆነው ነጠላ እየረጠበ ሄደ። የመጨረሻውን መልስ ተናግሮ ሲነሣ እኔ ላይ ወደቀ። አዝዬ እስከ ባጃጁ ወሰድኩት። የሰው ጀርባ ላይ መታዘልን አውቃለሁ፣ ማዘልን ግን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሆስፒታሉ ወደ አዲስ አበባ ላከው። የመልስ ወረቀቱ በደም ስለተበከለ ማሽኑ አያነበውም ተባለና በሦስት ሰው ፊት ወደ ንጹሕ ወረቀት ገልብጠን ቃለ ጉባኤ ይዘን ላክነው። የሌሎቹ ፈተና ተሰርዞ በድጋሚ ተሰጠ። እኔ አምስት ቀን ታስሬ ተፈታሁ። የሰውዬው ክንድ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ ሰውዬው ይቅር ብሎኛል፣ እኔ ግን ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ከሥራዬም ተነሣሁ።

ቢሮውን ላስረክብ የሄድኩ ቀን ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «ጋሼ፣ ይሄን ቢያዩት» አለችኝ።

የልጁ ኢሜይል ነበር። እህቱ ናት የጻፈችለት። እንዲህ ይላል፦

«ውጤቴ ደርሶኛል፣ አልፌአለሁ። አንድ ፈተና ቀርቶኛል። በዚህኛው ወረቀቱ እንዲተልቅልኝ አልጠይቅም። መስኮት አጠገብ መቀመጥም አያስፈልገኝም። አንባቢ ብቻ ይመደብልኝ። እባካችሁ ይህ ሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ጸሐፊዋ ወጥታ በሩን ዘጋችልኝ። ከዚያ ለእሱ ኢሜይል የመጀመሪያውን መልስ ጻፍኩ፤ በሁለት ጣት እየለቀምኩ ብዙ ቆየሁበት። ፈቃድህ ከሆነ አንባቢህ እኔ ልሁን፣ መስኬ ሌላ ስለሆነ ደንቡም አይከለክልም፣ አስተባባሪም አይደለሁም አልኩት።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ይሁንልኝ። እርስዎ ድምፅዎ ከፍ ሲል ዓይኔን ለመሸፈን እጄ ይነሣል።»

በወረቀት አላሳተምኩትም። ቁልፉን ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ወጣሁ።